የዕቅድ ውይይት፦ ለጋራ ልብ ወለዳችን ዋናዋን ልጅ ማን እንበላት?

አስተባባሪ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው በምናቀርበው ሐሳብ ውስጥ የቀረን የልጅቷ ስም ነው። 15 ዓመቷ ነው፣ ዓይን አፋር ናት፣ ከመንዝ ገጠር መጥታ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ እየኖረች 9ኛ ክፍል ትማራለች። ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ትዕግስት፣ የሺ እና ዓይናለም ቀርበዋል። ሌሎች ገጸ ባሕርያት የሚያወጡላትንም ቅጽል ስም አብረን እንጨርስ።

የጓሳ ልጅ፦ ትዕግስት ትሁንልኝ። ዝምተኛ አይደለች? ስሟ ራሱ ይናገርላታል።

አራሚው፦ ስሟ ከተናገረላት እኛ ምን ልንጽፍ ነው? ደግሞም ፊደላችን ስምን ከተራ ቃል የሚለይበት ምልክት የለውም። «እናቷ ትዕግስት አጣች» ብለህ ጻፍ፤ አንባቢ እናትየው ተናደደች ይላል እንጂ ልጇ ጠፋችባት አይልም። እኔ ስም የምፈትነው የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ከፊቱ፣ ን ከኋላው ጨምሬ ጮክ ብዬ በማንበብ ነው። «የየሺ ደብተር» አፍ ላይ ይጣበቃል፤ ፈጠን ብለህ ስትለው «የሺ ደብተር» ይሆናል። ለምለም ብንላት «ለለምለም»፣ ከበቡሽ ብንላት «ከከበቡሽ» እያልን 18 ምዕራፍ ልንገፋ ነው። ዓይናለም ግን በሁሉም ያልፋል።

አዲስ ገቢ፦ እኔ እንኳን የብዕር ስም ይሻለኛል ባይ ነኝ፤ በአባቴ ስም መጻፍ ይከብደኛል።

አስተባባሪ፦ ወንድሜ፣ የምናወራው ስለ ልጅቷ ስም ነው። የደራሲዎቹን ሌላ ቀን እናነሳዋለን።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ዓይናለም ጥሩ ነው፣ ለሁለት ይከፈላላ። አያቷ ከ«ዓይን» ወስደው «ዓይኔዋ» ይበሏት። «ዓይኔ» ብቻ እንዳትሉ፤ «ዓይኔ ታመመች» ሲባል ልጅቷ ትሁን የአሮጊቷ ዓይን አይታወቅም። አክስቷ «አኩራፊዋ» ትበላት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትገባን ልጅ ዘመድ ዓይን አፋር አይላትም፣ አኮረፈች ነው የሚላት። ስሙ ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ አክስትየው ይነግረናል።

የጓሳ ልጅ፦ የክፍል ልጆቹስ «አፋሯ» ቢሏት? ከዓይን አፋር ቆርጠው።

አራሚው፦ ሰሜን ሸዋ ሆነህ? ጎረቤታችን አፋር ነው እኮ። አንባቢ ልጅቷ ከአፋር የመጣች ይመስለዋል፣ ከዚያም የሕዝብ ስም ለማላገጫ አደረጋችሁት ይለናል። ያውም በትክክል።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ የክፍሉ ስም አንባቢ ፊት ይወለድ። ስም ሲጠራ «ዓይናለም» ይላል መምህሩ። «አቤት» ትላለች፣ አይሰማም። ሁለተኛ ይጠራል፤ «አቤት»፣ አሁንም አይሰማም። ቀሪ ሊያደርጋት እስክሪብቶውን ሲያነሳ አንዱ ከኋላ ወንበር በቀጭን ድምፅ «አቤትዬ!» ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ወዲያ በግቢው ሁሉ አቤትዬ ናት። ስሙ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልግም፣ አንባቢው እዚያው ነበር።

አራሚው፦ እትዬ፣ ይኼን እንዳለ ልውሰድብዎት። የምጨምረው፣ ተራኪው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይናለም ብቻ ይበላት። በመጀመሪያዎቹ 3 ምዕራፎች ከሁለት ቅጽል ስም በላይ ከገባ አንባቢ አራት ልጆች ያሉ ይመስለዋል። አዲስ ስም መጀመሪያ ሲመጣም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ዓይናለም የሚለው ይጠቀስ።

የጓሳ ልጅ፦ የክርስትና ስሟንስ? በ40 ቀኗ የወጣላት።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ 40 ለወንድ ነው፣ ሴት በ80 ነው የምትነሳው። ወለተ ማርያም ልትባል ትችላለች፤ እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚነሳ ስም ነው፣ ሰፈር ውስጥ አይጠሯትም። ከተጠቀምንበት አንድ ቦታ፣ ስትቆርብ ብቻ። የመጨረሻውን ስም ጓደኛዋ ታውጣላት፤ ማንም ያልነካውን ግማሽ ወስዳ «ዓለሜ» ትበላት።

አዲስ ገቢ፦ ዓለሜማ ፍቅረኛ የሚለው ነው፤ ወንድ ልጅ የሚወዳት ያስመስላል።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ እናትም ትለዋለች። ግን እውነትህን ነው፣ ጓደኛዋ ሴት መሆኗ ከስሙ በፊት በደንብ ካልታየ ያሳስታል።

አራሚው፦ ፊደሉም ይወሰን። ዓይናለም፣ ዐይናለም፣ አይናለም፤ አምስት ጸሐፊ በየፊናው ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ የሚያገኘው የተጻፈለትን ብቻ ነው፣ ሌላው ተደብቆ ማተሚያ ቤት ይገባል። እኔ በዓ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ እኔ በዐ። ቃሉ ዐይን ነው።

አስተባባሪ፦ በሐሳቡ ላይ እንዲህ አስገባለሁ፦ «ዋና ገጸ ባሕርይ ዓይናለም። አያቷ ዓይኔዋ (ከምዕራፍ 1)፣ ክፍሉ አቤትዬ (2)፣ አክስቷ አኩራፊዋ (4)፣ ጓደኛዋ ዓለሜ (11)። አክስትየዋ የምትተወው ምዕራፍ 15 ላይ።» ዓ ወይስ ዐ፣ እሑድ በድምፅ ይለያል፤ ለጊዜው በዓ ጽፌዋለሁ፣ መምህርት አይቆጡኝ።

የጓሳ ልጅ፦ አክስቷ ለምን ትተወዋለች? እኔ የማውቃቸው አክስቶች እስከ ሠርግ ድረስ አኩራፊዋ ነው የሚሉት።

አራሚው፦ እሱ ልክ ነው መሰለኝ። አስተባባሪ፣ 15 ላይ ያልከውን ለጊዜው ሰርዘው።