ሶፍት ዲሊት ወይስ ከነአካቴው ማጥፋት? (ክርክር)

ቤቲ፦ ለአንድ መድኃኒት ቤት ሲስተም እየሠራን ነው። ደንበኛ ወይም ዕቃ ሲሰረዝ ሮውን አናጠፋም፤ `deleted_at` ላይ ቀን እንሞላለን። ስልክ ቁጥር ዩኒክ ነው። አሁን የተሰረዘ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ «ቁጥሩ ተመዝግቧል» ይላል፣ ፈልጉት ሲባል ግን የለም። ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ከነአካቴው ይጥፋ ይላል። እናንተስ?

ሚኪ፦ ይጥፋ። ሶፍት ዲሊት ማለት ሞተ ብለህ አልቅሰህ ሬሳውን ሳሎን ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ኳሪ ሁሉ `deleted_at IS NULL` የሚል ጭራ ያስፈልገዋል፣ አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ልጅ ይረሳዋል፣ ከዚያ ሬሳው ተነስቶ ሪፖርት ላይ ይቀመጣል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ናቲ፦ ኧረ ለዚህ ብላችሁ አትጣሉ። ዩኒኩን በሁለት ኮለም አድርጊው፣ `phone` እና `deleted_at`። የተሰረዘው ቀን ስላለው ከአዲሱ ጋር አይጋጭም። እኛ ማይኤስኪውኤል ላይ እንደዛ ነው ያደረግነው፣ ሁለት ዓመት ሆነን፣ ምንም ኤረር የለም።

ዲቢ ጋሼ፦ ናቲ ወንድሜ፣ ኤረር የሌለው ጥበቃውን ስላነሳኸው ነው። ያልተሰረዙት ሁሉ `deleted_at` ላይ `NULL` አላቸው። ማይኤስኪውኤል ደግሞ ዩኒክ ኢንዴክስ ውስጥ አንዱን `NULL` ከሌላው `NULL` ጋር እኩል አያደርገውም። ስለዚህ አንድ ስልክ ያላቸው ሁለት ሕያው ደንበኞች ቢገቡ ዝም ብሎ ያሳልፋቸዋል። ልትከላከል የፈለግኸው ያንን ነበር እኮ። የተሰረዙትን ብቻ ነው እየጠበቅህ ያለኸው፣ እነሱ ደግሞ ጥበቃ አይፈልጉም። ፖስትግሬስም በነባሪው እንደዚሁ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ብትሆን ኖሮ ያንተ መንገድ ይሠራ ነበር፣ እዚያ `NULL` ከ`NULL` ጋር ይጋጫል።

ናቲ፦ አይ ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ ቫሊዴሽን አለን እኮ።

ዲቢ ጋሼ፦ ቫሊዴሽኑ መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ይጽፋል። በመሃል ሁለተኛው ካሸር ያንኑ ቁጥር ከጻፈ ሁለቱም «የለም» ተብለው ሁለቱም ይገባሉ። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ቁልፉን ሁለቴ የሚጫን ሰው ብቻውን ይበቃል። ይህን ዛሬ ማታ አስነሳው፦

```sql
SELECT phone, COUNT(*)
FROM customers
WHERE deleted_at IS NULL
GROUP BY phone
HAVING COUNT(*) > 1;
```

ባዶ ከመጣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

አቤል፦ ሰላም ናችሁ፣ እኔም የጠፋብኝ ዳታ ነበር፣ ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ በስህተት ተሰርዞ ሠላሳ ቀን አልፎታል፣ በዚህ `deleted_at` መመለስ ይቻላል?

ሚኪ፦ አቤል 😂 ሌላ ወሬ ነው። ሠላሳ ቀን ካለፈ እዚያ ምናልባት ከነአካቴው ጠፍቷል፤ እኔ የምደግፈውን ነው ያደረጉብህ።

ዲቢ ጋሼ፦ ቤቲ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ፖስትግሬስ ከሆነ ሦስት መስመር ነው፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX uq_live_phone
ON customers (phone)
WHERE deleted_at IS NULL;
```

ኢንዴክሱ ሕያዋኑን ብቻ ያውቃል። የተሰረዘ አንድ ቁጥር አሥር ጊዜ ቢደጋገምም ግድ የለውም። አሮጌውን ዩኒክ ማንሳት ግን አትርሺ፣ ሁለቱም ካሉ አሮጌው ነው የሚያሸንፈው። ሌላው ደግሞ `ON CONFLICT (phone)` የሚል ኢንሰርት ካላችሁ ያንኑ `WHERE` እዚያም መድገም አለባችሁ፣ አለዚያ የሚስማማ ኢንዴክስ አላገኘሁም ብሎ ይመልሳል። ማይኤስኪውኤል ይህ ዓይነት ኢንዴክስ የለውም። እዚያ ሕያው ሲሆን ስልኩን፣ ሲሰረዝ `NULL` የሚይዝ ራሱ የሚሰላ ኮለም ይጨመርና ዩኒኩ እሱ ላይ ይደረጋል። ቅድም የጎዳን የ`NULL` ጠባይ እዚህ ይጠቅመናል።

ቤቲ፦ ፖስትግሬስ ነን ጋሼ፣ ተመስገን። የዩኒኩ ነገር ከተፈታ ሶፍት ዲሊቱ ይቆይ ማለት ነው?

ሂሩት ሂሳብ፦ እኔ ኮድ አልጽፍም፣ የእናንተን ሪፖርት የማነብ ሰው ነኝ። አንድ ቦታ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የሐምሌን ሽያጭ አውጥቼ ለባለቤቱ አስፈረምኩ፣ 184,600 ብር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለማነጻጸር ያንኑ የሐምሌ ሪፖርት እንደገና ሳወጣ 171,350 ብር አለኝ። ያለፈ ወር! 13,250 ብር የት ገባ? ባለቤቱ ካሸሯን ጠረጠራት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ደረሰኙን አንድ በአንድ ስቆጥር ዋልኩ፣ ደረሰኙ ልክ 184,600 ነው። ፕሮግራመሩ ሲስተሙ ልክ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እና ይህ የእናንተ ሶፍት ዲሊት ነው አይደል?

ዲቢ ጋሼ፦ እህቴ፣ በነሐሴ ውስጥ ከዕቃ ዝርዝሩ የተሰረዘ ነገር ነበር?

ሂሩት ሂሳብ፦ አዎ፣ መምጣት ያቆሙ ሦስት ዕቃዎች። በኋላ ደምረን ስናየው የሦስቱ የሐምሌ ሽያጭ ልክ 13,250።

ዲቢ ጋሼ፦ በቃ እሱ ነው። የሽያጩ ኳሪ የዕቃውን ስም ለማምጣት ከ`products` ጋር ይያያዛል፣ እዚያ ላይ `products.deleted_at IS NULL` ተጨምሯል። ዕቃው ዛሬ ሲሰረዝ የትናንት ሽያጩም ከድምሩ ይወጣል። እዚህ ላይ ሚኪ ግማሹን ነው ያየው። እሱ የሚፈራው ማጣሪያው መረሳቱን ነው፤ የሂሩትን ብር የበላው ግን ማጣሪያው መኖሩ ነው። ካሸሯ የምትመርጥበት ዝርዝር ላይ ማጣሪያው ግድ ነው። የሆነውን በሚናገር ሪፖርት ላይ ግን መኖር የለበትም፣ የተሸጠ ተሽጧል። ደግሞ `LEFT JOIN` አድርጌዋለሁ ብላችሁ አትተኙ። ማጣሪያውን `WHERE` ውስጥ ከጻፋችሁት የተሰረዘው ዕቃ መስመር እዚያው ይወድቃል።

ፍሬ ላራ፦ ላራቬል ላይ ደግሞ ይህ ራሱ ይደባለቃል። ሞዴሉን ስትጠቀም የተሰረዘውን ራሱ ይደብቅልሃል፣ በ`DB::table` ከጻፍከው ግን አይደብቅም። እኛ ዳሽቦርዱ በሞዴል፣ ወርሃዊው ሪፖርት በ`DB::table` ነበር። የደንበኛ ብዛት አንዱ 412 ሌላው 437። ሥራ አስኪያጁ የቱን ልመን ሲለን ሁለቱም ልክ ናቸው አልነው፣ አይኑ እንዴት እንደሆነ ብታዩት 😅

ሚኪ፦ እና ይህ ሁሉ ጣጣ የኔን ነው የሚደግፈው። አጥፋው፣ ሽያጩ ላይ `ON DELETE SET NULL` አድርግ፣ የዕቃውን ስምና ዋጋ ሽያጩ ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ። ሪፖርቱ ከማንም ጋር አይያያዝም። አለቀ።

ዲቢ ጋሼ፦ ስምና ዋጋ መገልበጡ ላይ ከሚኪ ጋር ነኝ፣ ሶፍትም ሆነ ሃርድ እሱ መደረግ አለበት። ዋጋ ይቀየራል፣ ስምም ይታረማል።

ሂሩት ሂሳብ፦ ባለ ዱቤውስ ሚኪዬ? ደንበኛውን ስታጠፋው 2,400 ብር ዕዳው ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል እኮ። «ከ`NULL` ላይ ተቀበል» ልበል? በኛ ሥራ መዝገብ ላይ የተሳሳተ መስመር አይፋቅም፣ ተቃራኒው ይጻፍበታል። የተሰረዘ ሽያጭ የሚባል ነገር ራሱ መኖር የለበትም፤ ወይ ተመላሽ ነው ወይ ውድቅ የተደረገ ደረሰኝ ነው፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚል ይኖረዋል።

ሚኪ፦ ዕዳ ያለበትን ማጥፋት አይቻልም ትላለህ፣ ፎሪን ኪው ራሱ ይከለክላል። ሶፍት ዲሊት ላይ ግን ማን ይከለክላል? ለዳታቤዙ አፕዴት ብቻ ነው። ዕዳ ያለበትን ሰው `deleted_at` ብትሞላለት ዝም ይላል። ከዱቤ ዝርዝሩ ላይ ይጠፋል፣ ገንዘቡም አብሮት።

ዲቢ ጋሼ፦ ይህቺ የዛሬ ምርጥ ነጥብህ ናት፣ እሰጥሃለሁ። ሶፍት ዲሊት ስታደርግ የፎሪን ኪን ሥራ ኮድህ ተረክቧል።

ራሄል ከፍራንክፈርት፦ እኔ ከሌላ በኩል ልግባ። እዚህ ሰው ዳታዬን አጥፉ ብሎ ከጻፈ በአውሮፓ የዳታ ሕግ `deleted_at` ሞላሁ ብለህ አታመልጥም። የሂሳብ ሰነድን ግን ሌላ ሕግ ለዓመታት ያዝ ይልሃል። እኛ ሮውን ከነ`id`ው እናስቀራለን፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ አድራሻውን ባዶ እናደርጋለን። ሽያጩ አይነካም፣ ስልኩ ባዶ ስለሆነም የቤቲ ችግር ራሱ አይመጣም። ባካፕ ላይ ያለው ግን ሁሌ ያጣላናል።

ቤቲ፦ ባለቤቱ ግን ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ የድሮ ታሪኩ ይውጣ ይላል። የአለርጂ ማስታወሻ አለ፣ የወሰደው መድኃኒት አለ። በስልክ ቁጥሩ ፈልገን የተሰረዘውን ሪስቶር ልናደርግ አስበን ነበር።

ፍሬ ላራ፦ ቤቲ አታድርጊው! በስልክ ብቻ በጭራሽ። ሲም ካርድ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። እኛ ጋ አንዲት ሴት አዲስ ሲም ይዛ መጣች። ሲስተሙ አሮጌውን ሰውዬ ከመቃብር አነሳው። ካሸሩ በሌላ ሰው ስም ጠራት፣ ስክሪኑ ላይ የስኳር መድኃኒቱ ሁሉ ተዘርዝሮ ነበር። ደግነቱ ሳቀች። አለርጂ ቢሆንና ሐኪሙ አምኖት ቢሆንስ?

ዲቢ ጋሼ፦ ሪስቶር ሪፖርትም ይሰብራል። የሐምሌ መጨረሻ ደንበኛ ስንት ነበር ለማለት እስከዚያ ቀን የተፈጠሩትን፣ ከዚያ ቀን በፊት ያልተሰረዙትን ትቆጥሪያለሽ። ለሶፍት ዲሊት የምከራከረው ለዚህ ነው፣ ሃርድ ላይ ይህን መመለስ አትችይም። ግን ሰኔ ላይ የተሰረዘን ሰው ጥቅምት ላይ ሪስቶር ስታደርጊ `deleted_at` ባዶ ይሆናል፣ የሐምሌውም ቁጥር በአንድ ይጨምራል። የሂሩት ታሪክ በሌላ በር። መሄድና መምጣቱ ለብቻው ቴብል ላይ ካልተጻፈ አንድ ቀን ይዋሻል።

ሚኪ፦ ስለዚህ አርካይቭ ቴብል። ከዋናው አውጥተህ እዚያ ውሰደው፣ ዋናው ላይ ተራ ዩኒክ ይበቃል። ሬሳ የሚቀመጥበት መካነ መቃብር ነው፣ ሳሎን አይደለም።

ዲቢ ጋሼ፦ ዋናው ላይ ኮለም ስትጨምር አርካይቩ ላይ መጨመር ማን ያስታውሳል? ደግሞ ሽያጩ ፎሪን ኪውን ወዴት ይጠቁም? ለዕቃና ለደንበኛ እኔ አልወደውም። ለሎግ ዓይነት ነገር ይሁን።

ሚኪ፦ አልተስማማሁም፣ ግን ቡና ይጋበዝልኝና ፊት ለፊት እንጨርሰዋለን።

ናቲ፦ ጋሼ ኳሪውን አስነሳሁት። 7 ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ አለ። አንዱማ ሦስቴ ነው። አሁን የቱን ልሰርዝ?

ዲቢ ጋሼ፦ ምንም አትሰርዝ! መጀመሪያ ሽያጭና ዱቤ ከየትኛው `id` ጋር እንደተያያዘ እይ። ምናልባት ግማሹ ዕዳ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ነው።

ሂሩት ሂሳብ፦ ናቲ፣ ዕዳውን ከማዛወርህ በፊት ለሂሳብ ሠራተኛዋ ደውልላት እባክህ።