ገቢው ወር ጠብቆ ከማይመጣ ተከራይ ኪራይ በምን እንቀበል? (ጥቆማ)

የኮልፌዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤት እናከራያለን። አንዱን የያዘው ልጅ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ሒሳቡን የሚቀበለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሌላኛው ቤት ያሉት እናት የሚኖሩት ሪያድ ያለች ልጃቸው በምትልክላቸው ብር ነው። ሁለቱም ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ማስወጣት አልፈልግም። ግን ወር በገባ በ1 ክፈሉ ስላቸው ሁሌ ጭንቅ ነው። በቴሌብር፣ በባንክ ወይስ በእጅ ብቀበል ይሻላል? የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ።

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ፣ በእጅ ተቀበይ። አንድ ደብተር ግዢ፣ ቀን ጻፊ፣ እሱም ይፈርም፣ አንቺም ፈርሚ። የቀን ሠራተኛ ብር እጁ ላይ ሲኖር ነው የሚከፍለው። እስኪ ባንክ ልሂድ ሲል መንገድ ላይ ያልቅበታል። እኔ ስንት ዘመን ያከራየሁት እንዲህ ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ በደብተሩ እስማማለሁ። በእጅ መቀበሉ ግን አሁን አያስኬድም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። ነገ ክርክር ቢነሳ የባንክ መግለጫ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ግን ከ«በምን» በፊት «መቼ» የሚለውን አስተካክይ። ልጁ ወሩን ሙሉ ብር ይዞ እንዲቆይ አትጠብቂ። ቅዳሜ ከተከፈለው ቅዳሜ ማታ ይክፈል። ኪራዩ 3,000 ነው እንበል። ለአራት ሲካፈል በየቅዳሜው 750 ይሆናል። ዓመቱ ውስጥ ደግሞ 52 ቅዳሜ አለ። ሁሉንም ከከፈለ 39,000 ይመጣል። የ12 ወር ኪራይ ግን 36,000 ነው። የ3,000 ልዩነት፣ ማለትም የአራት ቅዳሜ ትርፍ አለ ማለት ነው። ይህን ለራስሽ አታድርጊው፤ የእሱ ነው። ለክረምት ይቀመጥለት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲበረታ ግንባታ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንድ ሳምንት ሥራ ላያገኝ ይችላል። አራት ቅዳሜ ቢያመልጠው እንኳ ዓመቱ ሲዘጋ ዕዳ የለበትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። መስከረም ላይ ከጀመራችሁ፣ ሐምሌ ሲገባ የተጠራቀመው ትርፍ ገና ወደ 2,250 ብር ነው፤ የሦስት ቅዳሜ። አራተኛው ቅዳሜ ካለፈው ለጊዜው ዕዳ ይሆናል፣ እስከ ጳጉሜ ድረስ ባሉት ቅዳሜዎች ይሞላል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «የተከፈለ» ብቻ ሳይሆን «ትርፍ ወይም ጉድለት» የሚል ዓምድ ይኑርሽ። ያንን በየወሩ አሳዪው። ሰው ያለበትን ሲያውቅ አይሸሽም።

ሜሪ ከቦሌ፦ በቴሌብር «እንደኪሴ» የሚባል አለ እኮ። ሒሳቡ ቢጎድለው እንኳ ክፍያውን ያሟላለታል። ለምን ቅዳሜን ይጠብቃል?

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ሜሪ፣ አገልግሎቱ አለ፣ ልክ ነሽ። ግን ብድር ነው፣ ክፍያም አለው። ድንገት ለጎደለች ትንሽ ብር ይጠቅማል። በየወሩ ለኪራይ ከተበደረ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሚያገኘው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ዕዳው ነው፣ 750ውም አብሮ ይጎድላል። እኔ ለዚህ ልጅ አልመክረውም።

ዱባይ ነኝ፦ እኔም ለእናቴ ነው የምልከው። ከዚህ ብር ለመላክ በየትኛው ነው ዋጋው የሚሻለው? የምታውቁ ጠቁሙኝ።

የኮልፌዋ፦ እህቴ፣ ጥያቄዬ ስለ አቀባበሉ ነው። ግን አንቺ ላኪ ስለሆንሽ ልጠይቅሽ፤ የአከራይ አካውንት ቁጥር ቢሰጥሽ በቀጥታ ትልኪ ነበር? እኚህ እናት «ለልጄ ቁጥርሽን ልስጣትና ትላክልሽ» ይሉኛል።

ዱባይ ነኝ፦ አዎ እልካለሁ፣ ለእኔ ይቀለኛል። እዚህ በሰው በኩልም የሚልክ ብዙ ነው። ለእሱ ትሰጪዋለሽ፣ አገር ቤት ያለው ሰው ያስገባዋል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ አደጋው እዚህ ላይ ነው። በሰው በኩል ሲላክ አንቺ አካውንት ላይ የሚታየው የማታውቂው ሰው ስም ነው። የማን ኪራይ እንደሆነ አትለዪም። ከዚያም በላይ የጥቁር ገበያ ብር አካውንትሽ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያ ሰው አንድ ቀን ቢጠየቅ የአንቺም አካውንት አብሮ ሊጣራ ይችላል። ስለዚህ ቁጥርሽን ለላኪ አትስጪ። ልጅቷ በባንክ ወይም በሕጋዊ ገንዘብ አስተላላፊ ለእናቷ አካውንት ትላክ። እናትየው ከራሳቸው አካውንት ወደ አንቺ ያዛውሩ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥቅምት ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ስልክ የሚያስቸግራቸው ከሆነ የሚያምኑት ሰው ያግዛቸው፤ የሚስጥር ቁጥራቸውን ግን ለአንቺም ቢሆን አይስጡ።

ቀኑንም ቀይሪላቸው። ውጭ ያለ ብዙ ሰው ደመወዝ የሚያገኘው በፈረንጅ ወር መግቢያ አካባቢ ነው። የፈረንጅ 1 በእኛ ከ20 እስከ 26 ባለው ውስጥ ይውላል። በወሩ 1 ክፈሉ ስትያቸው የተላከው ብር ለቀለብና ለመድኃኒት እየወጣ ሳምንት ሊያልፈው ይችላል። ቀጠሮውን በ28 አድርጊው። ለመላኪያና ለማዛወሪያ ጥቂት ቀን ይኖራቸዋል፣ ብሩም ሳይበተን ይደርስሻል። ሪያድ ያለው አሠሪ ደመወዝ የሚያዘገይበት ወርም ይኖራል። ለዚያ የአንድ ወር ቅድሚያ ክፍያ ቢኖር ይረዳል። አዋጁ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ስለሚከለክል ስድስት ወር እንዳትጠይቂ።

ልስን ሠሪው፦ እኔ የቀን ሠራተኛ ተከራይ ነኝ። የሳምንቱ ሐሳብ ጥሩ ነው፣ እኔም እንደዚያ ብከፍል ደስ ይለኛል። ችግሩ እኛን በጥሬ ብር ነው የሚከፍሉን። ቅዳሜ ማታ ባንክ ዝግ ነው። ሰፈር ያለ የቴሌብር ወኪል ጋ አስገብቼ ብልክ ግን ይሆናል። አከራዬ ግን «በቴሌብር አልቀበልም፣ ስክሪንሾት ያታልላል» ትላለች።

የኮልፌዋ፦ እኔም እሱን ፈርቼ ነው። ጎረቤቴ የተላከላት ስክሪንሾት የሌላ ቀን ሆኖ ተገኝቷል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ስክሪንሾት በጭራሽ ደረሰኝ አይደለም፣ የላኪው ስልክ ላይ የሚታይ ምስል ነው። አጭር መልእክትም በሰው ስልክ ቢታይ አትመኚ። የራስሽን ቴሌብር ክፈቺና የግብይት ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እይ። ለንግድ ባንክም ያው ነው። `FT` ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ከራስሽ አካውንት መግለጫ ጋር አመሳክሪ። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፊው። ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ከገጠሙ ፈርሚለት።

ለልጁ ቴሌብር፣ ለእናትየው ባንክ ብትይ እኔ እደግፋለሁ። ሁለቱን በአንድ መንገድ ማስኬድ ግድ አይደለም።

ጋሽ ታዴ፦ ዕቁብስ? የግቢው ተከራዮች ዕቁብ ቢገቡ ኪራዩ በዚያ ይሸፈናል።

የኮልፌዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ያሉት ሁለት ተከራዮች ብቻ ናቸው። ዕጣው ዘግይቶ የሚደርሰው ሰው እስከዚያ በምን ይክፈል? በተረፈ በጣም ረድታችሁኛል። የልጁን በቅዳሜ፣ የእናትየውን በ28 አደርጋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ወረዳ ያስመዘገብነው ውል ላይ በወር 1 የሚከፈል ይላል። የሳምንቱን ስምምነት ለብቻው ብንፈራረም ይበቃል ወይስ ውሉ እንደገና ይመዝገብ?

ሜሪ ከቦሌ፦ እኛ በወረቀት ብቻ ተፈራርመን ነው የቀጠልነው፣ የጠየቀን የለም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦ ያልጠየቁት ክርክር ስላልተነሳ ሊሆን ይችላል። ያስመዘገባችሁበት ወረዳ ሄደሽ ጠይቂ። ስትሄጂ የድሮውን ውልና አዲሱን ወረቀት ሁለቱንም ያዢ፣ ልጁም አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነው። የነገሩሽን እዚሁ ጻፊልን።