ጥቆማ፦ «5 ገጽ በነጻ ተርጉመሽ አሳይን» ለሚል ደንበኛ ምን ብዬ ልመልስ?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ተቀጥሬ ሳይሆን በግሌ ነው የምሠራው። ትናንት ከአንድ ቢሮ ተደወለልኝ። 40 ገጽ የጤና ሥልጠና መመሪያ አላቸው። ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ አልተከራከሩም። ማታ ላይ ግን ኢሜይል መጣ። «ጥራትሽን ለማየት 5 ገጽ በነጻ ተርጉመሽ እስከ ነገ ማታ ላኪልን» ይላል። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ የቤት ኪራይም ደርሷል። ግን 5 ገጽ ቀኔን ሙሉ ይበላል። እምቢ ብዬ እንዳላስቀይማቸውም እፈራለሁ። እናንተ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ደንበኛን ቀድሞ ማጣራት የሚቻልበት ድረ ገጽ ካለም ጠቁሙኝ።

የሳሪሱ
በነጻ አትሥሪ። አለቀ።

ዲዛይነሩ
እህቴ፣ እኔ የደረሰብኝን ስሚ። አንድ ጭማቂ ቤት ሊከፍቱ ነው ብለው ሎጎ ጠየቁኝ። «መጀመሪያ ናሙና እንይ» አሉ። ሦስት ዓይነት ሠርቼ ላክሁ። ቀለሙን ቀይርልን አሉ፣ ቀየርኩ። ፊደሉን አወፍርልን አሉ፣ አወፈርኩ። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ከሁለት ወር በኋላ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቀና ስል ታፔላው ላይ የኔ ሎጎ ተሰቅሏል። እንዴት አወቅህ በይኝ። ብርቱካኑ ላይ ያለችውን ቅጠል በእጄ ስስላት ጫፏ ትንሽ ተጣሞብኝ ነበር። ጥመቷን እንኳ አላስተካከሏትም። ስደውልላቸው «ያንተን አልወደድነውም፣ ሌላ ሰው ነው የሠራልን» አሉኝ።

ማኪ
ውይ! የቤቱን ስም ተናገርና እዚያ አንሂድ።

ዲዛይነሩ
ስም አልጠራም። ጠብ አልፈልግም። ግን አሁንም በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

የሕግ ተማሪው
ወንድሜ፣ መክሰስ ትችላለህ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠራኸውን ይጠብቅልሃል። ጠያቂዋም ብትሆን ትርጉም በአዋጁ ጥበቃ አለው። ስለዚህ ሳትፈሪ 5ቱንም ገጽ ላኪ። ከተጠቀሙበት ትከሻቸዋለሽ።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ልጄ፣ አዋጁን በትክክል ጠቅሰሃል። ትርጉም ጥበቃ አለው። ግን ለ5 ገጽ ማን ጠበቃ ይቀጥራል? ስንት ቀጠሮስ ይመላለሳል? መብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ማስከበሩ ሌላ። ይህች ልጅ የምትጠይቀው ከተወሰደባት በኋላ ምን እንደምታደርግ አይደለም፤ ሳይወሰድባት ምን ብላ እንደምትመልስ ነው።

ጠያቂዋ፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። የላኩልሽ 5 ገጽ ከስንት እስከ ስንት ነው? ቃሉስ ስንት ነው? ገጽ መለኪያ አይሆንም። አንዱ ገጽ 150 ቃል ይይዛል፣ ሌላው 500።

ጠያቂዋ
ከገጽ 16 እስከ 20 ነው ጋሼ። ቆጠርኩት፣ ወደ 1,500 ቃል ነው።

ዓለምነሽ ከቦሌ
እህቴ፣ ትርጉም ከሆነ ስታዲየም ዙሪያ ያለው ቢሮ ጋ ሂጂ። የልጄን የልደት ሰርተፍኬት ለኤምባሲ ስፈልግ በአንድ ቀን ነው ያደረሱልኝ። ማኅተማቸውም ጥርት ያለ ነው። ከነሱ ሌላ ሰው አላምንም።

ማኪ
እትዬ፣ እሷ እኮ ራሷ ተርጓሚ ናት። አስተርጓሚ ፈላጊ አይደለችም።

ዓለምነሽ ከቦሌ
ቢሆንም ጥሩ ቢሮ ነው።

ጤፍ ነጋዴው
እኔ ጋ ጤፍ ልትገዛ የመጣች ሴት እፍኝ ዘግና ታያለች፣ ታሸታለች። ደስ ይለኛል። ኩንታሉን ተሸክማ «ቤት ሄጄ ልጋግረውና እወስናለሁ» ያለችኝ ግን እስካሁን የለችም። ያንቺዎቹ ጤፉን ብቻ አይደለም፣ እንጀራውንም ጋግረሽ አምጪልን ነው ያሉሽ።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ነጋዴው ልክ ነው። እፍኙ ስንት እንደሆነ ልንገርሽ። በትርጉም ሥራ ለፈተና ከ200 እስከ 300 ቃል መጠየቅ የተለመደ ነው። ያ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስድብሻል፣ ማረሙን ጨምሮ። አንድ ጠንቃቃ ተርጓሚ ግን በቀን ወደ 2,000 ቃል ነው የሚወጣለት። 1,500 ቃል ማለት እንግዲህ የቀንሽ ሦስት አራተኛ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን አስቢ። መመሪያው 40 ገጽ ነው። ላንቺ 16 እስከ 20 ደረሰሽ። ለሌላዋ ከ21 እስከ 25 ቢልኩስ? 8 ተርጓሚ 5፣ 5 ገጽ ቢሠራላቸው መጽሐፉ ያለ አንድ ሳንቲም አለቀ። ሌቦች ናቸው አላልኩም፣ አላውቃቸውም። ግን ከዓመታት በፊት እኔና አብሮኝ ቤት የተከራየ ጓደኛዬ ከአንድ ደንበኛ «ፈተና» መጣልን። ማታ ሻይ እየጠጣን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋው የኔ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ተቆርጧል። ቀሪው ግማሽ የሱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር ነበር።

ማኪ
ኧረ በስመ አብ!

ዲዛይነሩ
አላልኳችሁም? ሁሉም አንድ ናቸው።

ቢሮ ሠራተኛዋ
ሁሉም አንድ አይደለም። እኔ ተርጓሚ ከሚቀጥሩት ወገን ነኝ። ለፋይናንስ ክፍላችን 3 ፕሮፎርማ ሳላመጣ ማንንም መቅጠር አልችልም። ዋጋ ብቻ አይቼ ብመርጥ ደግሞ በኋላ የማፍረው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ገጽ ፈተና እሰጣለሁ። ግን ለሦስቱም ያንኑ ገጽ ነው የምሰጠው። የተለያየ ገጽ ከሰጠሁ በምን አወዳድራለሁ?

እውነት ለመናገር 200 ቃል ይበቃኛል። የመጀመሪያዎቹን አሥር መስመሮች ሳነብ ይገባኛል። አንባቢውን አንዴ «አንተ»፣ አንዴ «እርስዎ»፣ አንዴ «እናንተ» የሚል ሰው አለ። እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ስለሚያልፈው ሳያስበው ይዘላል። አንዱን የሕክምና ቃል በሦስት ስም የሚጠራም አለ። አራት ነጥቡን በሁለት ሁለት ነጥብ የሚተይብም አለ፤ ሲታይ ያው ይመስላል፣ ፋይሉ ውስጥ ሲፈለግ ግን አይገኝም። ይህን ለማየት 5 ገጽ አያስፈልግም።

ጠያቂዋ፣ ፈተናው ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ስለመሆኑ በትሕትና ጠይቂያቸው። ንጹሕ ቢሮ በዚህ አይቆጣም።

አፕዎርክ ላይ ያለሁት
እዚህ ሁሉ ጣጣ ምን አስገባሽ? አፕዎርክ የሚባለው የሥራ ማገናኛ ድረ ገጽ ግቢ። እዚያ ደንበኛ ነጻ ሥራ መጠየቅ ክልክል ነው፣ ሪፖርት ታደርጊዋለሽ። በቁርጥ ዋጋ ሥራ ላይ ገንዘቡን ቀድሞ ያስይዛል፣ ሠርተሽ ስታስረክቢ 14 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ይለቀቅልሻል። የደንበኛውንም ታሪክ ታያለሽ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት
እኔ ደግሞ አሜሪካ ሆኜ ለኤጀንሲዎች እተረጉማለሁ። ፕሮዝ ዶት ኮም ላይ ብሉ ቦርድ የሚባል አለ። ተርጓሚዎች ኤጀንሲውን ከ1 እስከ 5 ይመዝኑታል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከዚህ ኤጀንሲ ጋር እንደገና ትሠራለህ ወይ? አስተያየቶቹን በሙሉ ለማንበብ አባልነት ይጠይቃል፣ ግን ለኔ ዋጋውን መልሷል። እዚያ ያላየሁትን ኤጀንሲ ፈተና አልሠራም።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ግን ለዚህች ልጅ ዛሬ አይደርሱላትም። ደንበኛዋ አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ነው፣ በስልክ ነው የደወለው። ብሉ ቦርድ ላይ ስሙ አይኖርም። ወደ አፕዎርክ ግባ ብትለውም አይገባላትም። የውጭ ኤጀንሲ ሲጽፍልሽ ብሉ ቦርድን ክፈቺ። አፕዎርክ ላይ ሥራ ስታገኚ ከዚያው አትውጪ። ለአገር ቤት ቢሮ ግን ማጣሪያው ከዚህ በፊት ማን እንደተረጎመላቸው መጠየቅና የሥራ ማዘዣ በማኅተም እንዲጽፉልሽ ማድረግ ነው።

አፕዎርክ ላይ ያለሁት
አፕዎርክን የሚያክል የለም። እኔ በዚህ አልደራደርም።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ይሁን። ጠያቂዋ፣ መልሱን እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ መመሪያው ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከመዋዋል በፊት ጥራቱን ማየት መፈለጋችሁ ተገቢ ነው። ከላካችሁልኝ ገጾች ውስጥ አንድ ክፍል፣ እስከ 250 ቃል፣ ያለ ክፍያ ተርጉሜ እስከ ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ። ከዚያ በላይ ማየት ካስፈለጋችሁ 5ቱን ገጽ በተነጋገርነው ዋጋ እሠራለሁ። ሥራው ከቀጠለ ይህ ክፍያ ከጠቅላላው ላይ ይቀነሳል፤ ካልቀጠለም የ5ቱ ገጽ ሒሳብ ብቻ ይሆናል። የሚመቻችሁን ብታሳውቁኝ ወዲያው እጀምራለሁ።»

እምቢ አላልሽም። በር አልዘጋሽም። ግን ልኩን አንቺ ወሰንሽ። ክፍሉንም አንቺ ምረጪ፣ ከመሐል ይሁን። ለብቻው ተቆርጦ ለማንም የማይጠቅም አንቀጽ ውሰጂ።

ቢሮ ሠራተኛዋ
መልሱ ቆንጆ ነው። ክፍሉን እሷ ትምረጥ በሚለው ግን አልስማማም ጋሼ። እኔ ብሆን የምትችለውን ቀላሉን እንደመረጠች ነው የማስበው። ሲመርጡ እነሱ ይምረጡ፣ ልኩ ግን 250 ይሁን።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ያንቺም ሐሳብ ያስኬዳል። እኔ የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ መምረጡን አልለቅም።

ዲዛይነሩ
ናሙናውን በፒዲኤፍ አድርገሽ ስምሽን በላዩ በትልቁ ጻፊበት። እኔ አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ለሥዕል ይሠራል። ለጽሑፍ ግን አንድ ጸሐፊ ተቀምጣ ብትተይበው በግማሽ ሰዓት አለቀ። ለትርጉም መከላከያው ማሳጠሩ ነው።

የሳሪሱ
5 ገጹን እሺ ካሉ ቀብድ ተቀበዪ። ግማሹን።

የሕግ ተማሪው
እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን በደንብ አንብቤዋለሁ። «ቀብድ» ብለሽ አትጻፊ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ብትታመሚና ሥራውን ብታቋርጪ ጣጣ ነው። ደረሰኙ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» በይው።

አሮጌው መዝገበ ቃላት
ይህችን አላሰብኳትም ነበር። ተባረክ ልጄ።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ደብዳቤውን ገልብጫለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ አሁን ስልክ ደውለው «ሌሎቹ ተርጓሚዎች እኮ 5ቱንም እሺ ብለዋል» አሉኝ። ምን ልበል?

ቢሮ ሠራተኛዋ
«ሌሎቹም ከ16 እስከ 20 ነው የሚሠሩት?» በያቸው። ቃና ሳትቀይሪ። ከዚያ ዝም ብለሽ መልሳቸውን አዳምጪ።

ጤፍ ነጋዴው
እሰይ!

ማኪ
እና ምን አሉሽ? ደወልሽ?

ዲዛይነሩ
ንገሪን እንጂ እህት፣ እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ዓለምነሽ ከቦሌ
ያን የስታዲየሙን ቢሮ የፈለገ ካለ እሑድ ዝግ ናቸው። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራሉ።