ረቂቅ 2፦ አንቀጽ 4፣ የደረሰኝ መስመር ከግዢ ትዕዛዝና ከዕቃ መረከቢያ ጋር እንዴት ይመሳከር?

ከካዛንቺስ (ጸሐፊ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሶፍትዌር አቅራቢዎች የምንልከው የጋራ ፕሮፖዛል ሊያልቅ ነው። የቀረን አንቀጽ 4 ነው። ለመነሻ የኛን ቢሮ ጉዳይ ላምጣ። 40 ካርቶን ኤ4 ወረቀት አዘዝን፤ ካርቶኑ ከቫት በፊት 3,000 ብር። ደረሰኙ ግን በደስጣ ተጽፎ መጣ፦ 200 ደስጣ፣ አንዱ 690 ብር። ንብረት ክፍል የተረከበው 38 ካርቶን ነው። ሶፍትዌሩ ከስካኑ ያነበበውን መስመር ብዛቱንም፣ መለኪያውንም፣ ዋጋውንም "አይገጥምም" ብሎ ቀይ አለበሰው። ምን ይሁን ብለን እንጻፍ?

ከሜክሲኮ
መስመር ለመስመር ምን አጨቃጨቀን? ድምሩን ማየት ነው። 40 በ3,000 ሲባዛ 120,000፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 138,000። ደረሰኙም 200 በ690፣ ያው 138,000። ገጠመ፣ ይከፈል።

ከፒያሳ
ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው። ጉዱም እዚያው ላይ ነው። ድምሩ የገጠመው ካዘዝነው ጋር እንጂ ከገባው ጋር አይደለም። ሁለት ካርቶን የለም እኮ!

መጀመሪያ ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ይምጣ። ይሄ ካርቶን 5 ደስጣ ይይዛል። ስለዚህ ትዕዛዙ 200 ደስጣ በ600 ብር ነው። የደረሰኙ 690 ለ1.15 ሲካፈል 600 ይመጣል፤ ዋጋው እንከን የለውም። የገባው 190፣ የተጠየቅነው 200። ጠቡ በ10 ደስጣ ብቻ ነው፤ ከነቫቱ 6,900 ብር። ሶፍትዌሩ ይህችን አንድ ነገር ያሳየን።

ከሜክሲኮ
እሺ፣ ተረታሁ። ግን 5 በመቶ ልዩነት ብንፈቅድለትስ? በየጥቃቅኑ ስንቆም ክፍያ ሊዘገይ ነው።

ከፒያሳ
10 ከ200 ስንት በመቶ ነው? ልክ 5። ያልመጣ ወረቀት ከፈልክ ማለት ነው። በዋጋ ላይ ለሳንቲም ማጠጋጋት ትንሽ ይፈቀድ። ተቆጥሮ ለሚገባ ዕቃ ግን ብዛቱ ላይ ዜሮ። በሚዛን የሚገባ ዕቃ ሌላ ነው፤ ለእሱ ለየብቻ እንወስን።

ከለገሃር
ይቅርታ፣ ይሄ ከባንክ ስቴትመንት ጋር የሚመሳከረው ነው? የኛ ችግር ቀኑ ነው። መረከቢያችን 28/4/2017 ይላል፣ ደረሰኙ 6/1/2025። ሁለቱም ያው የገና ዋዜማ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ዕቃው ሰባት ዓመት ከምናምን ቀድሞ ገባ ብሎ አገደብን።

ከካዛንቺስ (ጸሐፊ)
አይ እትዬ፣ የባንኩ ሌላ ነው፤ ይሄ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነው። የቀኑን ነገር ግን እንኳን አነሱት። መረከቢያው በኛ አቆጣጠር መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው ብዬ ጨምሬያለሁ።

ከሳሪስ (ፕሮግራመር)
ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከማመሳከር በፊት ንባቡ ራሱ ይፈተሽ። 690ን 890 ብሎ ካነበበ፣ ብዛት በዋጋ ሲባዛ ከመስመሩ ድምር ጋር አይመጣም። ያኔ ሰው ስካኑን ይየው እንጂ አቅራቢው ላይ አይደወል። ሁለተኛ፣ የቀሩት ሁለት ካርቶኖች በሳምንቱ ቢመጡስ? አንድ ደረሰኝ ከአንድ መረከቢያ ጋር ብቻ ከታሰረ እንደገና ይበላሻል። በትዕዛዙ መስመር ላይ እስካሁን የገባው በሙሉ ይደመር፣ ቀድሞ የተጠየቅንበት ይቀነስ፦

```
billed_qty <= received_qty - already_billed_qty
```

ከአራት ኪሎ
ልጆች፣ ብዙ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ እየተነጫነጨ፣ ዕቃ ቤቱ ሳይቆጥር ደረሰኙን አይቶ መረከቢያውን ይሞላል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ መቼም እውነት ነው። ያኔ ሦስት ወረቀት ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሁለት ነው። ኮምፒውተሩም "ገጠመ" ይላችኋል። ምልክቱን ልስጣችሁ፦ መረከቢያው በደረሰኙ መለኪያና ቃላት ከተጻፈ፣ አንድም ጉድለት ተመዝግቦ የማያውቅ ከሆነ፣ ተጠራጠሩ።

ከፒያሳ
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እንግዲህ አንቀጹ ላይ፣ ዕቃ ቤቱ ቆጥሮ እስኪያስገባ ድረስ ደረሰኙ አይታየው እንበል።

ከአራት ኪሎ
ስክሪኑ ላይ ትደብቁታላችሁ። ሹፌሩ በእጁ ይዞት ሲመጣስ?

ከካዛንቺስ (ጸሐፊ)
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ክፍት ትቼዋለሁ። ሌላም የቀረ አለ፦ ለ190ው ከፍለን 10ሩን እንያዝ ወይስ አቅራቢው ደረሰኙን እስኪያስተካክል ሁሉንም እናቁም?

ከሜክሲኮ
እንክፈል። ወረቀቱን እየተጠቀምንበት ነው።

ከለገሃር
የኛ ኦዲተር በፍጹም አይቀበልም። 200 የሚል ደረሰኝ ይዘህ የ190 ከፈልኩ ስትለው አስበው።

ከካዛንቺስ (ጸሐፊ)
ሁለቱንም በአማራጭ አስገብቻለሁ። ቅዳሜ ፒያሳ ስንገናኝ ድምፅ እንሰጥበታለን። አንድ ካርቶን ስንት ደስጣ ነው የሚለውን ሰንጠረዥ ማን ያጸድቅ የሚለውንም አስባችሁ ኑ፤ ግዢ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን የሚል ሐሳብ መጥቷል።