ያው ፍጥነት፣ ሁለት ንባብ፦ የጀልባ ሞዴል ስንጎትት ጠዋት 1.4 ኒውተን፣ ከሰዓት 1.1። የቱን ልያዝ?

ሰሚራ_ኮምቦ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለአማካሪያችን እናቀርባለን። ሐይቅ ላይ ሰው ለሚያመላልስ ጀልባ 1:8 ሞዴል ሠርተን እየጎተትን ነው። ጀልባው በሰዓት 10.8 ኪ.ሜ እንዲሄድ ታስቧል። ፍሩድ ቁጥሩን አመሳስለን ሞዴሉን በ1.06 ሜ/ሴ ጎተትነው። ጠዋት ደጋግሞ 1.4 ኒውተን ሲሰጠን ነበር፤ ከምሳ በኋላ በዚያው ፍጥነት 1.1 ሆነ። የነካነው ነገር የለም። የትኛውን ነው በ8 ኩብ፣ ማለትም በ512፣ የማባዛው? 717 ኒውተን ነው ወይስ 563?

የሐረጎ ልጅ
ፍጥነቱን ለ8 አካፍላችሁት እንዳይሆን። የሚካፈለው ለ8 ስኩዌር ሩት ነው፦ 3 ሜ/ሴ ለ2.83።

ሰሚራ_ኮምቦ
1.06ቱ እኮ ከዚያው የመጣ ነው ወንድሜ።

ፍሉይድ_ለዘላለም
ችግሩ ከሥሩ ነው። አንድ ሞዴል ከእውነተኛው ጋር ተመሳሰለ የሚባለው የኃይሎቹ ጥምርታ ሁሉ ሲመሳሰል ነው። እናንተ የኢነርሺያውን ከስበት ጋር ብቻ አመሳስላችሁ የውሃውን ዝልግልግነት ረሳችሁት። ሬይኖልድስ ቁጥሩን አስሊው፦ ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊዮን አካባቢ፣ ጀልባው ላይ 24 ሚሊዮን ይመጣል። ለማመሳሰል ሞዴሉን በ24 ሜ/ሴ መጎተት ነበረባችሁ። እስካሁን የለካችሁት ሁሉ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ጀምሩ።

የሐረጎ ልጅ
24 ሜ/ሴ ማለት በሰዓት 86 ኪ.ሜ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን በዚህ ፍጥነት የወጣ ሚኒባስ እንኳ የለም፣ ገንዳ ውስጥ ጀልባ ሊሄድ!

ሲቪል_ጦሳ ሥር
እኔ የግድብ ማስተንፈሻ ሞዴል ላይ ሠርቻለሁ። እኛም ፍሩድን ብቻ ነው የምናመሳስለው፤ ፍሰቱን በስኬሉ 2.5 ፓወር እናባዛለን፣ ሬይኖልድስን ማንም አይጠይቀንም። ስለዚህ አብሽሪ፣ ሁለቱን ንባብ አማክለሽ 1.25 ያዢና አባዢው።

ወደብ_ናፋቂ
ማማከሉ ይቆይ። ሰሚራ፣ ያልነገርሽን ነገር አለ። የት ነው የጎተታችሁት? ስፋቱና ጥልቀቱስ? በምን ነው የሚጎተተው? ጠዋት በአንዱና በሚቀጥለው ጉተታ መካከል ምን ያህል ትጠብቁ ነበር? ሞዴሉ አፍንጫ ላይ አሸዋ ወይም ሽቦ አለ? ውሃ የሚነካው ገጽ ስንት ካሬ ነው?

ሰሚራ_ኮምቦ
ግቢ ውስጥ ያለ የሲሚንቶ ውሃ ገንዳ ነው፤ 12 ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ስፋት፣ ውሃው 1.2 ሜትር ጥልቀት። ገመዱን የሚጠቀልለው የመኪና ዋይፐር ሞተር ነው፣ በባትሪ። ኃይሉን በሎድ ሴል እናነባለን። መካከለኛዋን 5 ሜትር በስቶፕ ዎች እንይዛለን። ጠዋት ስንቸኩል ነበር፣ አንዱ እንዳለቀ ሌላውን እንጎትታለን። አፍንጫው ላይ ምንም የለም፣ ጥሩ አድርገን ነው ያለሰለስነው። ሞዴሉ ውሃ ላይ 1 ሜትር፣ ክብደቱ 8 ኪሎ፣ ውሃ የሚነካው ገጽ 0.23 ካሬ ሜትር።

ሎጎ_ዳር
እኔ ሐይቅ ዳር ነኝ። ለምን ትንሽ ጀልባ ገንዳ ውስጥ ትጎትታላችሁ? እዚህ ጀልባ ሞልቷል፣ አንዱን በሌላ አስጎትቱና በገመዱ መካከል ሚዛን አስገቡ።

ወደብ_ናፋቂ
ሎጎ ዳር፣ ሐሳብህ የተናቀ አይደለም። ዊልያም ፍሩድ ራሱ በ1871 እ.ኤ.አ. ግሬይሃውንድ የተባለችውን የጦር መርከብ በሌላ መርከብ አስጎትቶ ሞዴሉ የሰጠውን ግምት ፈትኖበታል። የእነ ሰሚራ ጀልባ ግን ገና አልተሠራም፤ የሌላ ጀልባ ቅርጽ ስለ እሷ ቅርጽ አይነግራትም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ገንዳችሁ ለዚህ ሞዴል በቂ ነው፣ ግድግዳውና ወለሉ አላስቸገሯችሁም። ያስቸገረው ለስላሳው አፍንጫ ይመስለኛል። በሞዴሉ ሬይኖልድስ ቁጥር ውሃው ከአፍንጫው ጀምሮ ረጅም ርቀት ላሚናር ሆኖ፣ ማለትም ሳይበጠበጥ በንብርብር፣ ሊሄድ ይችላል። 24 ሚሊዮን ላይ ያለው ጀልባ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ቱርቡለንት፣ ማለትም የተበጠበጠ ፍሰት፣ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ ገጹ በሙሉ ቱርቡለንት ቢሆን የሞዴሉ ሰበቃ 0.60 ኒውተን ነው፣ በሙሉ ላሚናር ቢሆን 0.17 ብቻ። ጠዋት እየተቻኮላችሁ ስትጎትቱ ገንዳው ካለፈው ጉተታ የቀረ ብጥብጥ ነበረው፤ እሱ ፍሰቱን ቱርቡለንት አደረገላችሁ። ምሳ ስትበሉ ውሃው ረጋ፣ ከፊሉ ገጽ ወደ ላሚናር ተመለሰ፣ 0.3 ኒውተን ጠፋ። ማማከል የማይገባው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ንባቦች የሁለት የተለያዩ ፍሰቶች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር፦ የትኛውንም ቢሆን እንዳለ በ512 አታባዢው። በ512 የሚያድገው የሞገዱ ድርሻ ነው፤ ፍሩድ ቁጥር ሲመሳሰል ሞዴሉና ጀልባው የሚያነሡት ሞገድ አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላለው። ሰበቃው ግን ሬይኖልድስን ነው የሚከተለው። ፍሉይድ_ለዘላለም ሁለቱ አልተመሳሰሉም ማለቱ እውነት ነው፤ በዚያው ውሃ ሁለቱን አንድ ላይ ማመሳሰል ስለማይቻል ፍሩድ ሰበቃውን ለይቶ ማስላትን መረጠ። ለዚህም ቶርኪ በሚገኘው ገንዳው ጠፍጣፋ ሳንቃዎችን ጎትቶ ለካ። ዛሬ ገንዳዎች የሚጠቀሙት የመጎተቻ ገንዳዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ የአይቲቲሲ፣ የ1957ቱን መስመር ነው፤ S ውሃ የሚነካው ገጽ፣ V ፍጥነቱ፣ Rf ሰበቃው ነው፦

```
Cf = 0.075 / (log10(Re) - 2)^2
Rf = 0.5 * 1000 * S * V^2 * Cf
```

ለሞዴሉ Cf 0.00463 ይወጣል፣ ሰበቃው 0.60 ኒውተን። ከ1.40 ስትቀንሺው 0.80 ይቀራል፤ በ512 የምታባዢው ይህን ነው፣ 410 ኒውተን። ለጀልባው ገጹ 14.7 ካሬ ሜትር፣ Cf 0.00259፣ ሰበቃው 171 ኒውተን። ድምሩ 581 ነው እንጂ 717 አይደለም። በ3 ሜ/ሴ ስታባዢው 1.75 ኪሎዋት ገደማ፤ ይህ ጀልባውን ለመጎተት ብቻ ነው፣ የፕሮፔለሩ ብክነት ገና አልገባበትም። በቀለሙ ሸካራነትና በነፋስ የሚመጣውንም ጨምሪበት።

በ1.1 ብትሠሪ ግን 0.60 የምትቀንሺው ከሌለበት ላይ ነው። 427 ኒውተን ይወጣል፣ ሞተሩ ያንሳችኋል። አሁኑኑ የተነፋ አሸዋ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከአፍንጫው 5 ሴ.ሜ ወደ ኋላ በጠባብ መስመር በኮላ ለጥፉበት፤ ፍሰቱን ቱርቡለንት የሚያደርግላችሁ እሱ ነው።

ቦርከና_ኤሌክትሪክ
ኢንጅነር፣ አሸዋው ጥሩ ነው፣ ግን ባትሪውን ማንም አልጠየቀም። ዋይፐር ሞተር ቮልቴጅ ሲወርድ ፍጥነቱ ይወርዳል። ከጠዋት ጀምሮ የሠራ ባትሪ ከምሳ በኋላ እንደ ጠዋቱ አይጎትትም። «በዚያው ፍጥነት» የምትለው በስቶፕ ዎች ነው።

ወደብ_ናፋቂ
ልክ ነህ፣ ይህም ሊሆን ይችላል። በዚህ የፍሩድ ቁጥር፣ 0.34 ላይ፣ ጠቅላላው ጉተታ ከፍጥነቱ ኩብ በላይ ስለሚያድግ 1.06 ወደ 0.99 ቢወርድ 1.4 ወደ 1.1 ለመውረድ ይበቃዋል። በ5 ሜትር ላይ ልዩነቱ የሰከንድ ሲሶ ነው፤ በጣት የሚጫን ስቶፕ ዎች ለዚያ አይታመንም።

ሰሚራ፣ ከጎን የቀረጻችሁት ቪዲዮ አለ? ሞገዱ ራሱ ፍጥነት ይነግርሻል። ከጀልባው ጋር የሚሄድ ሞገድ ርዝመቱ 2πV²/g ነው። በ1.06 ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 72 ሴ.ሜ ይሆናል፣ በ0.99 ደግሞ 63። ሞዴሉ ጎን ላይ በየ10 ሴ.ሜ መስመር ካለ ቁጠሪው። የጠዋቱና የከሰዓቱ ሞገድ እኩል ከሆነ ባትሪው ነፃ ነው፣ ጥፋቱ የፍሰቱ ነው። ካጠረ ግን አሸዋ ብትለጥፉም 1.4 አይመለስላችሁም።

የሐረጎ ልጅ
ሙቀቱስ? ኮምቦልቻ ከሰዓት ገንዳው እንደ ሻይ ነው።

ወደብ_ናፋቂ
ውሃው ከ18 ወደ 24 ዲግሪ ቢሞቅ እንኳ ሰበቃው 3 በመቶ አካባቢ ነው የሚቀንሰው፣ 0.02 ኒውተን። 0.3ን አይገልጽም።

ፍሉይድ_ለዘላለም
ይህ እንግዲህ ሰበቃው ከሞገዱ ተለይቶ ይሰላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ጠፍጣፋ ሳንቃ እንጂ ጀልባ አይደለም የተለካው። ሆዱ የጎበጠ ነገር ላይ ውሃው ይፈጥናል፣ ሰበቃውም ከሳንቃ ይበልጣል።

ወደብ_ናፋቂ
ይህኛው ትክክለኛ ነጥብ ነው፣ አማካሪዋም ሊያነሣው ይችላል። ሞገድ እምብዛም በማይነሣበት ዝግ ባለ ፍጥነት ጎትቶ የቅርጹን ተጨማሪ መለየት ይቻላል፤ ግን 1 ሜትር ሞዴል በዝግታ ሲሄድ ኃይሉ በጣም ያንሳል፣ ሎድ ሴሉም አይታመንበትም፣ ላሚናሩም ይብሳል። ለነገ በሳንቃው መስመር ሥሩና ይህን ገደብ በግልጽ ጻፉት።

ሰሚራ_ኮምቦ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የከሰዓቱ ቪዲዮ አለ፤ ሁለተኛው የሞገድ ጫፍ 70 መስመር አካባቢ ነው የሚታየኝ፣ አረፋ ስላለ በርግጠኝነት መናገር አልቻልኩም። የጠዋቱ ጓደኛችን ስልክ ላይ ነው፣ እሷ ደሴ ወጥታለች። ባትሪውን ቻርጅ ላይ አድርገነዋል፣ አሸዋው ተለጥፎ እየደረቀ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ በመብራት እንጎትታለን።

ወደብ_ናፋቂ
ስትጀምሩ የመጀመሪያዋን ጉተታ አትመዝግቧት፣ ገንዳውን ለማነቃቃት ብቻ ትሁን። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መካከል ሞገዱ እስኪተኛ እኩል ደቂቃ ጠብቁ። አሸዋው ካለ በኋላ የረጋ ውሃና ገና ያልረጋ ውሃ ላይ ንባቡ ከተቀራረበ ፍሰቱ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ሲቪል_ጦሳ ሥር
አሸዋው ራሱ ውሃውን ይይዛል እኮ። ያንን ጉተታ የጀልባው ነው ብላ ልታባዛው ነው?

ወደብ_ናፋቂ
አዎ፣ ይይዛል። ጊዜ ካላቸው ያንኑ መስመር እጥፍ ስፋት አድርገው እንደገና ይጎትቱ፤ የጨመረው ልዩነት የአንዱ መስመር ድርሻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሱታል። ዛሬ ማታ ይደርሱበት እንደሆነ እንጃ።