እርጅናና አክሩዋል በኮንሰፕት ማፕ ላይ በአንድ ቀስት ይገናኛሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምማር የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የትምህርቱን ርዕሶች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በቀስት እያገናኘሁ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተያዝኩ።

ምሳሌዬ ኮምቦልቻ ያለ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው በ240,000 ብር ተገዛ፣ 10 ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻ የሚሸጥበት ዋጋ የለውም እንበል። የዓመቱ የእርጅና ወጪ 24,000 ብር ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ደግሞ ያልተከፈለ 6,000 ብር ደመወዝ አለ፤ የሚከፈለው ሐምሌ ላይ ነው። ካምና የዞረ የደመወዝ ዕዳ የለም።

መሃል ላይ ያስቀመጥኩት "ወጪ ካስገኘው ገቢ ጋር በአንድ ዘመን ይመዝገብ" የሚለውን መርህ ነው። ከእሱ ወደ ሁለቱም ቀስት ይወጣል። ልዩነታቸውም ይገባኛል። ለወፍጮው ብሩ ቀድሞ ወጥቶ ወጪው ቀስ እያለ ይመዘገባል፤ ለደመወዙ ወጪው ቀድሞ ብሩ ይከተላል። ለዚህ ነው እርጅናን ከአክሩዋል አርቄ፣ አስቀድሞ ከተከፈለ ኪራይ ጎን ያደረግኩት።

የቸገረኝ ካሽ ፍሎው ነው። በተዘዋዋሪው ዘዴ 24,000ውም 6,000ውም ትርፉ ላይ ይደመራሉ። ታዲያ ተራርቀው የነበሩት እዚህ ተመልሰው አንድ ሣጥን ውስጥ ገቡብኝ። ደመወዙ በሚቀጥለው ዓመት ሲከፈል ግን ድምሩ ወደ ቅናሽ ይገለበጣል፤ እርጅናው በፍጹም አይገለበጥም።

አንድ ቀስት ይበቃል ትላላችሁ ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ምን ትጽፉ ነበር? የሠራችሁት ካለ ፎቶ አንስታችሁ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።