ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ስኮላርሺፕ ስናመለክት ከሜዳሊያ ሌላ ምን እንጻፍ?

ጠያቂ፦ ወንድም ከደብረ ብርሃን

ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ 1500 እና 3000 ሜትር ትሮጣለች። በዞን ውድድር ሁለት ሜዳሊያ አግኝታለች፣ በክልል ግን አምስተኛ ነው የወጣችው። በ1500 ምርጥ ሰዓቷ 4 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች የሚላክ ማመልከቻ ጀምረን ሜዳሊያዎቹን ከጻፍን በኋላ ገጹ ባዶ ሆነብን። «ታታሪ ናት፣ ትልቅ ህልም አላት» ከማለት ሌላ ምን እንጨምር? በሳምንት የምትሮጠው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ትንሽ እንዳይመስል 100 ብንለው ይሻላል?

ጡረተኛ የስፖርት መምህር

ልጄ፣ በወረቀቱ ይህን ያህል አትጨነቁ። እኔ ተማሪዎቼን ለወጣቶች ስፖርት አካዳሚም፣ አሰላ ላለው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከልም አቅርቤ አውቃለሁ። መልማዮቹ ልጁን አሰልፈው ያስሮጡታል፤ እርምጃውን፣ አተነፋፈሱን፣ ሲደክም ትከሻው እንዴት እንደሚሆን በዓይናቸው አይተው ይወስናሉ። በደንብ አሠልጥናችሁ ለምልመላው ቀን አድርሷት።

የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ

ጋሼ፣ ያሉት ለአገር ቤቱ ምልመላ ልክ ነው። ጠያቂው ግን የሚጽፈው ልጅቷን በዓይኑ ሊያያት ለማይችል ሰው ነው። እኔ በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የረጅም ርቀት ረዳት አሠልጣኝ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጡ ደብዳቤዎችን የማነበውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚያኛው ጠረጴዛ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገርህ።

በመጀመሪያ 55ቱን እንዳትነካው። በማመልከቻችሁ ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ሀብት እሱ ነው። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር ሮጣ 4፡40 የምትገባና በ55 ኪሎ ሜትር ያንኑ ሰዓት የምታስመዘግብ ሁለት ልጆች ቢቀርቡልኝ ሁለተኛዋን ነው የምመርጠው፤ ገና የምታድግበት ቦታ አላት። አሠልጣኙ የሚገዛው የዛሬውን ሰዓት ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ነው። ደግሞም ቁጥሩን ብታሳድገው መጀመሪያ የምትጎዳው እህትህ ናት፤ እዚያ በደረሰች በሳምንቱ 100 ኪሎ ሜትር ያስሮጧታል፣ እግሯም አይችለውም።

ስለዚህ የዕድገቷን መስመር አሳየው። መቼ ልምምድ ጀመረች? በየወቅቱ ስንት ገባች? በሳምንት ስንት ቀን ትሠራለች? ጂም ገብታ ታውቃለች? ካላወቀች «አታውቅም» ብለህ ጻፍ። በአሠልጣኟ ደብተር የተመዘገበ የአንድ ወር ልምምድ ካለ፣ ሳታሳምር ፎቶ አንስተህ አያይዘው። ዝናብ ያስቀረው ቀን፣ ታማ የቀረችበት ቀን ሁሉ ይታይ፤ አንድም ቀን ያልጎደለበት መዝገብ አጠራጣሪ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰዓቱ የት እንደተመዘገበ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ1500 ሜትር ጀምሮ ከፍታ ሰዓትን ያዘገያል፣ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱም ይሰፋል። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ለዚህ የራሱ ማስተካከያ ሰንጠረዥ ስላለው አሠልጣኙ ማስላት ያውቅበታል። እናንተ አስልታችሁ «በዝቅተኛ ቦታ 4፡30 ነው» አትበሉት። ከተማውን፣ ከፍታውን፣ መሙ አፈር ይሁን ሰው ሠራሽ ንጣፍ፣ ሰዓቱ በእጅ ይሁን በኤሌክትሮኒክስ መያዙን ጻፉና ስሌቱን ለእሱ ተዉለት።

ተማሪ ከአዲስ አበባ

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ዋናውን ረስታችሁታል። የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የሆነውን ኤስኤቲ ካልተፈተነች ኤንሲኤኤ ብቁ አይላትም፣ አሠልጣኝም አያናግራትም። መጀመሪያ የኤስኤቲ ውጤቷን ከላይ ጻፉ።

የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ

ይህ ቀድሞ ነበር። ኤንሲኤኤ በ2023 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የኤስኤቲን ግዴታ ከብቁነት መስፈርቱ አንሥቷል። አሁንም የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ የእያንዳንዱን የመግቢያ መስፈርት ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህ በኩል ትክክል ነህ። የእንግሊዝኛ ፈተና ግን አብዛኞቹ ይፈልጋሉ።

ከኤስኤቲ ይልቅ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷ ቶሎ ይቅረብ። በከፍተኛው ምድብ፣ በዲቪዥን አንድ፣ ለመወዳደር 16 መሠረታዊ ኮርሶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ይቆጠራሉ፣ ስፖርት ግን አይቆጠርም። አሠልጣኙ ሰዓቱን ወዶት ትራንስክሪፕቱ ካልመጣ ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ያልፋል። ብዙ ማመልከቻ የቀረው በዚህ ነው።

እናት ከሜሪላንድ

የእኔ ልጅ ኳስ ተጫዋች ስለሆነ ምናልባት ለእናንተ አይሆን ይሆናል። ጎሎቹን ብቻ ቆራርጠን፣ ሙዚቃ ጨምረን የሠራነውን ቪዲዮ ለብዙ ኮሌጆች ልከን ነበር። አንድ አሠልጣኝ መለሰልን፦ «ያልተቆረጠ ሙሉ ጨዋታ ላኩልኝ፣ ቢቻል የተሸነፋችሁበትን።» ማየት የፈለገው ልጁ ኳስ ሳይዝ የት እንደሚቆም፣ ከተቀማ በኋላ ተመልሶ ይሮጥ እንደሆነ ነበር። ልጄ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው በዚያ ነው፤ በእኛ ቪዲዮ ግን ይህ ጭራሽ አልነበረም። አሁን በዚያ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሙሉ ክፍያ እንዳይመስላችሁ፤ የትምህርቱን ግማሽ ይከፍሉለታል፣ ቀሪውን እኛ እንሸፍናለን።

የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ

እህቴ፣ ለሯጭም ይሆናል። የ1500ውን ውድድር ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ከአንድ ቦታ ሳይቋረጥ የተቀረጸ ካላችሁ ላኩት። ከሌለም የዙር ሰዓቶቹን ጻፉ። ወንድሜ፣ የ4፡40ው ዙሮች አሏችሁ?

ወንድም ከደብረ ብርሃን

አሠልጣኟ በእጅ ሰዓት ይዞታል፤ ውድድሩም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በአፈር መም ላይ ነበር። የመጀመሪያው 400 በ73፣ ሁለተኛው በ76፣ ሦስተኛው በ77፣ የመጨረሻው 300 ሜትር በ54። ልምምድ የጀመረችው በ2016 መስከረም ነው፤ በሳምንት 5 ቀን ትሠራለች፣ ጂም ገብታ አታውቅም። በዚያው ዓመት ግንቦት 5፡02 ገባች፣ በ2017 ጥር 4፡51፣ በ2017 ግንቦት 4፡40። ከዚያ እስከ ነሐሴ አልተወዳደረችም፤ ቅልጥሟን አሟት ለስድስት ሳምንት አርፋ ነበር። ይህን መጻፍ የለብንም መሰለኝ።

የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ

ጻፉት እንጂ! ውድድር የሌለበት ሦስት ወር ከቀኑ ላይ ራሱ ይታያል። ያልተነገረ ክፍተት ሲያይ አሠልጣኝ የሚገምተው ከእውነቱ የባሰ ነገር ነው። ምን እንደነበረ፣ ማን እንዳየው፣ መቼ እንደተመለሰች፣ አሁን እንደማያማት በሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

ዙሮቹ ደግሞ ከሁለቱ ሜዳሊያዎች የበለጠ ይናገራሉ። 300 ሜትርን በ54 መሮጥ በ400 ሒሳብ 72 ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ዙሯ ይፈጥናል። መሐል ላይ ዘግይታለች፣ መጨረሻ ላይ ግን የቀራት ነገር ነበር። መሐል መዘግየት በልምምድ ይስተካከላል። የደብዳቤውን ዋና አንቀጽ እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ልምምድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በሳምንት 5 ቀን፣ በድምሩ 55 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፤ የጂም ሥራ ጀምሬ አላውቅም። በ1500 ሜትር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5፡02 ወደ 4፡40 ወርጃለሁ። 4፡40ውን የሮጥኩት 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአፈር መም፣ በእጅ ሰዓት ተይዞ ነው። የዙር ሰዓቶቼ 73፣ 76፣ 77 እና የመጨረሻው 300 ሜትር 54 ናቸው። ከግንቦት በኋላ በቅልጥም ሕመም 6 ሳምንት አርፌ በነሐሴ ወደ ልምምድ ተመልሻለሁ።»

አንድም «ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም። እሱን አሠልጣኟ በድጋፍ ደብዳቤው ይንገር፤ እሱም ቢሆን ያየውን ይጻፍ። በክልሉ ውድድር አምስተኛ ከወጣች በኋላ በማግሥቱ ምን አደረገች? እንዲህ ያለውን። አገር አቋራጭ ሮጣ ከሆነም አትርሱት። እዚያ አንድ ቡድን ሰባት ሯጭ ያሰልፍና ነጥብ የሚያዝለት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ነው፤ በየሳምንቱ ሳትዋዥቅ የምትገባ አራተኛ ወይም አምስተኛ ሯጭ ለቡድን በጣም ትፈለጋለች። የዞን ቡድን አባል ሆና የሮጠችበትን፣ ስንተኛ እንደወጣችና ቡድኑ ስንተኛ እንደሆነ አክሉበት።

የሰነድ ጉዳይ አስፈጻሚ

እኔ ስለ ሩጫው አላውቅም፣ ስለ ወረቀቱ ግን ልጨምር። የልደት ቀኗ በየሰነዱ እንዴት ተጽፏል? ጥር 12 ቀን 2000 የተወለደችን ልጅ አንዳንድ ትምህርት ቤት 12/05/2000 ብሎ ይጽፋል። አሜሪካ ውስጥ ያየው ሰው 2000 የሚለውን እንደራሱ አቆጣጠር አንብቦ ዕድሜዋ ላይ ከሰባት ዓመት በላይ ይጨምርባታል። ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2008 ነው። በእኛ አትሌቶች ዕድሜ ላይ አስቀድሞም ጥርጣሬ ስላለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ትራንስክሪፕቱ በአንድ አቆጣጠር፣ በአንድ የስም አጻጻፍ ይሁኑ። የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ኖሮ በሌላው ከጎደለም አሁኑኑ አስተካክሉ።

ወንድም ከደብረ ብርሃን

ትራንስክሪፕቱን አየሁት፤ የአያት ስም ጎድሎበታል፣ ነገ ትምህርት ቤቷ እሄዳለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ በኅዳር የገንዘብ ሽልማት ያለው የጎዳና ውድድር ተጋብዛለች። ብታሸንፍ በማመልከቻው ላይ ይጠቅማታል?

ተማሪ ከአዲስ አበባ

ትሩጥ እንጂ! ዛሬ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች ራሳቸው ገንዘብ ያገኙ የለም ወይ?

የቀድሞ ረዳት አሠልጣኝ

በስማቸውና በምስላቸው የሚያገኙት ገንዘብ አንድ ነገር ነው፣ ኮሌጅ ሳይገቡ የሚወሰድ የውድድር ሽልማት ሌላ ነው። ሁለተኛው ብቁነትን የሚነካበት ጊዜ አለ፣ ደንቡም በእነዚህ ዓመታት ደጋግሞ እየተቀየረ ነው። እኔ ብሆን ሽልማቱን ከመቀበሏ በፊት ለሚያናግሯት ዩኒቨርሲቲ የደንብ ክትትል ቢሮ በኢሜይል ጠይቄ መልሱን በጽሑፍ እይዝ ነበር። መሮጡን ግን አልከለክላትም።

ጡረተኛ የስፖርት መምህር

እኔ እከለክላታለሁ። ቅልጥሟ ከዳነ ገና ጥቂት ወሩ ነው፣ አስፋልት ላይ ምን አስቸኮላት? የጥሩ መም ውድድር ቀጠሮ ያዙላትና ያንን ቪዲዮ ቅረጹ።

ወንድም ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ ዛሬ ማታ ከአሠልጣኟ ጋር እንነጋገርበታለን። ኢሜይሉንም አሁን እየጻፍኩ ነው፤ መልስ ሲመጣ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።